ጌሜ ውስጥ ሰውዬው ተኝቶ ሲነሳ ሙቀቱ −41 ይላል፤ ምን አጥፍቼ ነው?

ቦርከና17 (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ወር ሆነኝ በሉዋንቲ ላይ ትንሽ ሞድ እየሠራሁ። ድሮ ማይንቴስት ይባል የነበረው ነው። ነጻ ነው፣ በኔ ደካማ ላፕቶፕም ይሄዳል፣ ለዛ ነው የመረጥኩት። ተጫዋቹ ከኮምቦልቻ ይነሳል፣ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ይገባል። ከፍ ባለ ቁጥር ይበርደዋል፣ ሲበርደው ቶሎ ይርበዋል፣ ሲመሽ ሁለቱም ይብሳሉ። ጋቢ ከለበሰ ይሻለዋል።

ቀን ላይ ሁሉም ሸጋ ነው። ማታ ውጭ ቢቆምም ቀስ እያለ ነው የሚበርደው፣ ልክ እንደፈለግኩት። ችግሩ እንቅልፍ ላይ ነው። ምሽት 2:30 ላይ ጋቢ ሳይደርብ ይተኛል፤ አልጋው ሰዓቱን ወደ ንጋት ያዘልለዋል፤ ሲነቃ የሙቀት ባሩ −41.2 ያሳያል። ወዲያው ይሞታል። አየሩን በማንኛውም ሰዓት ከ6 ዲግሪ በታች እንዲወርድ አላደረግኩትም! 41 ከየት መጣ?

መስመሩ ይሄ ነው። `m` የሰውዬው ሙቀት ነው፣ `f` ደግሞ የሚሰማው ሙቀት፣ ማለትም አየሩ ሲደመር ልብሱ። `k` 0.5 ነው፣ `dt` ያለፈው ጊዜ በጌሙ ሰዓት።

```lua
m = m + k * (f - m) * dt
```

---

ጌምቤት_ፒያሳ (ደሴ)

ወንድሜ ይሄ የኮምፒውተር ፍጥነት ነው። እኔ ፒያሳ ጌም ቤት አለኝ፣ አሥራ አንድ ማሽን። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ የራሱን ጌም አምጥቶ ጫነልኝ። ጥሩው ማሽን ላይ ሰውዬው በሁለት ደቂቃ በረሃብ ይሞታል፣ አሮጌው ላይ አምስት ደቂቃ ይቆያል። ልጆቹ ይሄን ካወቁ በኋላ አሮጌው ማሽን ላይ ወረፋ ሆነ። በየፍሬሙ ነበር ረሃቡን የሚቀንሰው። ያንተም ላፕቶፕ ደካማ ነው ብለሃል። እሱ ነው።

---

ቦርከና17

ጋሼ እሱን መጀመሪያ ላይ ሠርቼው ነበር፣ ተምሬበታለሁ። አሁን ያለፈውን ጊዜ እያባዛሁ ነው። ጓደኛዬ ማሽን ላይም ያው −41.2 ነው የሚለው። ነጥቡ ሳይቀር አንድ ነው።

---

ማይን_ቆፋሪ

ችግሩ ገብቶኛል። ሰዓቱን ተሳስተሃል። ጌም ውስጥ ቀኑ የሚጀምረው እንደኛ በንጋት ነው። ማይንክራፍት ላይ `/time set 6000` ስትል እኩለ ቀን ነው፣ ማለትም የኛ ስድስት ሰዓት። 13000 የምሽት አንድ ሰዓት፣ 18000 የሌሊቱ ስድስት ሰዓት። በ1000 ታካፍለዋለህ፣ ከ12 ካለፈ 12 ትቀንሳለህ፣ ያለቀለት የሐበሻ ሰዓት። ስዊድኖቹ ሳያውቁት ለኛ ነው የሠሩት 😄 ስለዚህ ያንተም ጌም ሰዓቱን 0.25 ሲል እኩለ ቀን ማለት ነው። አንተ ቀኑን ሌሊት አድርገህ ይሆናል።

---

ጦሳ_ማዶ (ደሴ)

ማይን ቆፋሪ፣ ስለ ማይንክራፍት ያልከው በሙሉ ልክ ነው፣ እኔም ሁሌ ያስቀኛል። ሉዋንቲ ግን እንደዛ አይደለም። `core.get_timeofday()` ከ0 እስከ 1 ነው የሚመልሰው፣ 0 ደግሞ እኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ 0.25 ጠዋት 12 ሰዓት፣ 0.5 እኩለ ቀን። አልጋው ሲያነቃህ 0.23 ላይ ያደርግሃል፣ ይሄም ከሌሊቱ 11:30 ነው።

ቦርከና፣ የሰዓት ስህተት የለብህም። ስህተትህን ራሱ ቁጥሩ እየነገረህ ነው። አንድ ነገር ሲቀዘቅዝ ከአካባቢው አየር በታች ወርዶ አይቀዘቅዝም። የተቀዳ ሻይ ጠረጴዛ ላይ ብትረሳው ክፍሉን ያክላል እንጂ በረዶ አይሆንም። ያንተ ሰውዬ ከአየሩ በታች 47 ዲግሪ ገደማ ወርዷል። እንዲህ ያለ ቁጥር ስታይ የአየር ንብረቱን አትጠርጥር፣ እርምጃህን ነው የምትጠረጥረው።

በእጅህ ሥራው። ሲተኛ `m` 20 ነው እንበል። ሲነቃ ከሌሊቱ 11:30 ነው፣ አየሩ 6.4። የተዘለለው 9 ሰዓት። 0.5 በ9 ሲባዛ 4.5። ልዩነቱ −13.6። ሁለቱ ሲባዙ −61.2። ከ20 ላይ ስታነሳው −41.2። ያውልህ ቁጥርህ።

መስመርህ የሚለው "አሁን በዚህ ፍጥነት እየቀዘቀዘ ነው፣ ስለዚህ ለሚቀጥለው 9 ሰዓት በዚሁ ፍጥነት ይቀዝቅዝ" ነው። ግን ሰውየው ወደ አየሩ በተጠጋ ቁጥር ፍጥነቱ መቀነስ ነበረበት። ነቅቶ ሲጫወት ችግሩ አይታይም፣ ምክንያቱም እርምጃዎቹ ከአንድ ሰከንድ በታች ናቸው። እንቅልፉ ነው ዘጠኝ ሰዓትን ባንድ እግር ያስዘለለው።

---

እመ_ሁለት

ይቅርታ፣ ርዕሱን አይቼ ነው የገባሁት። ልጄ 13 ዓመቱ ነው። እሱም እንደዚሁ ጌም ላይ ቁጭ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ አይበርደኝም ይላል፣ ራቱንም አይበላም። ጠዋት እጁ በረዶ ነው። ይሄ የምትሉት ነገር ልጆቹ ላይ የሚያደርሰው አለ?

---

ቡና_ጠጪ

እማማ፣ እነሱ የሚያወሩት ስለ አሻንጉሊቱ ሰውዬ ነው። የርስዎን ልጅ ጋቢ አልብሰው ያስተኙት፣ አብሽር።

---

ቦርከና17

ጦሳ ማዶ አላህ ይስጥሽ። ሁለት ቀን ሙሉ የአየሩን ኮድ ስበረብር ነበር። አሁን ምን ላድርግ? `k`ን ባሳንሰው 0.1 ላይ ችግሩ ይጠፋል፣ ግን ቀን ላይ ጭራሽ አይበርደውም።

---

ጦሳ_ማዶ

`k`ን አትንካው፣ እሱ የጌምህ ጣዕም ነው። ሁለት መንገድ አለህ። አንደኛው መስመሩን በዚህ መተካት ነው፦

```lua
m = f + (m - f) * math.exp(-k * dt)
```

ይሄ የፈለገ ያህል ብትዘል ከ`f` አያልፍም። ልዩነቱን በየሰዓቱ እያሳነሰ ይሄዳል እንጂ አይገለብጠውም። በዘጠኝ ሰዓት ውስጥ ከልዩነቱ የሚቀረው አንድ መቶኛ ገደማ ብቻ ነው። በተመሳሳዩ ቁጥር ብትሠራው 6.55 ይሰጥሃል።

ሁለተኛው ያንኑ የድሮ መስመርህን ይዘህ እንቅልፉን መቆራረጥ ነው። ዘጠኙን ሰዓት በሩብ ሰዓት ከፍለህ 36 ጊዜ አዙረው፣ በየዙሩ አየሩን እንደገና እያሰላህ። ሠላሳ ስድስት ዙር ለኮምፒውተሩ ምንም አይደለም።

የትኛው ይሻላል ካልከኝ፣ ሁለቱንም በአንድ ላይ። ለምን እንደሆነ ግን መጀመሪያ የአየርህን ስሌት አሳየኝ።

---

ቦርከና17

አየሩ 9 ሰዓት ከሰዓት ላይ 18 ነው፣ ከዛ በቀጥታ እየወረደ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 6 ይደርሳል። ከዛ ተመልሶ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ኮሳይን አድርጌው ነበር፣ እኩለ ቀን ላይ በጣም የሚሞቅ፣ እኩለ ሌሊት ላይ በጣም የሚበርድ። አባቴ ኮምቦልቻ መጋዘን ዘበኛ ነው። አሳየሁትና ሳቀብኝ። "እኔ እኩለ ሌሊት ላይ ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ነው የምዞረው። አጥንት የሚገባው 11 ሰዓት ላይ ነው፣ ወፍ ሲንጫጫ" አለኝ። እሱን ሰምቼ ነው የቀየርኩት።

---

ሐረጎ_ጠመዝማዛ (ተማሪ)

አባትህ ፊዚክስ ያስተምሩኝ 👏 መሬቱ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ሲለቅ ያድራል፣ ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ መቀዝቀዙ አይቆምም። ስለዚህ በጣም የሚበርደው ንጋት አካባቢ ነው። ቀን ላይም እንዲሁ፣ ፀሐይ አናት ላይ የምትሆነው ስድስት ሰዓት ላይ ቢሆንም ሙቀቱ ጫፍ የሚደርሰው ሁለት ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ነው።

ኮሳይኑን ጫፉን ወደ 9 ሰዓት ብትገፋው እንኳ አይሠራልህም ነበር። ኮሳይን ሁለቱ ጎኖቹ እኩል ስለሆኑ ዝቅተኛው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይወድቃል። አንተ ያደረግከው፣ 9 ሰዓት ወጥቶ 15 ሰዓት የሚወርደው፣ ቀላልም ነው፣ ለእውነቱም ይቀርባል።

---

ጦሳ_ማዶ

ጥሩ፣ እንግዲያው ለምን ሁለቱንም እንዳልኩ ይኸው። የአየርህ መውረጃ በሰዓት 0.8 ነው። ምሽት 2:30 ላይ አየሩ 13.6 ነው፣ ከሌሊቱ 11:30 ላይ 6.4። አዲሱን መስመር ባንድ ዝላይ ብትጠቀምበት ሰውየው ከተኛበት ደቂቃ ጀምሮ 6.4 ውስጥ እንዳደረ ነው የሚቆጥረው። የንጋቱን ብርድ ሌሊቱን ሙሉ ጫንክበት። ለዛ ነው 6.55 የወጣው።

በሩብ ሰዓት ብትቆራርጠው ግን ወደ 8 ይጠጋል። አየሩ እየወረደ ነው፣ ሰውየው ከኋላ እየተከተለው ነው፣ በ`k` 0.5 ደግሞ ወደ 1.6 ዲግሪ ያህል ይዘገያል። አንተ ጉዳት የሚጀምርበትን ስንት ላይ ነው ያደረግከው?

---

ቦርከና17

7 ላይ።

---

ጦሳ_ማዶ

ይኸው! ባንድ ዝላይ ብርዱ ጎድቶት ይነሳል፣ በሩብ ሰዓት ደግሞ በብርድ ተኮራምቶ ግን በደህና ይነሳል። ያንኑ ሌሊት ነው ያደረው። ጋቢ ከደረበና ጋቢህ 8 ዲግሪ የሚጨምር ከሆነ 16 ላይ ይነሳል፣ ምንም አይሆንም።

---

ቡና_ጠጪ

ከኮምቦልቻ ደሴ ስንት ዲግሪ ነው የቀነስከው? እኔ ጠዋት በሸሚዝ ተሳፍሬ ወጥቼ ደሴ መናኸሪያ ስወርድ ጥርሴ ነው የሚንቀጫቀጨው። ቢያንስ አሥራ አምስት አድርገው።

---

ሐረጎ_ጠመዝማዛ

አሥራ አምስት? ወላሂ ተጋነነ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። አየሩ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። በ650 ሜትር ከ4 ዲግሪ ትንሽ ይበልጣል። አንተን ያንቀጫቀጨህ ነፋሱና ሸሚዙ ነው።

---

ቦርከና17

እኔም 4 ነው ያደረግኩት። ግን እውነት ለመናገር ጌሙ ላይ አራት ዲግሪ አይታወቅም። ተጫዋቹ ሐረጎን ወጥቶ "ደረስኩ እንዴ?" ነው የሚለው። ቡና ጠጪ ያለው እንደ ሳይንስ ስህተት ነው፣ እንደ ጌም ግን ልክ ሳይሆን አይቀርም። ምናልባት 8 አደርገዋለሁ። አባቴ ካየው ደግሞ ይስቅብኛል።

---

ማይን_ቆፋሪ

እኔ ያልገባኝ ለምን ይሄን ሁሉ ትለፋለህ። ማይንክራፍት ላይ አልጋ ላይ ትተኛለህ፣ ትነቃለህ፣ አይበርድህም፣ አይርብህም። ማንም አላማረረም።

---

ጦሳ_ማዶ

አላማረረም፣ ምክንያቱም እዛ ረሃቡ በሰዓት አይደለም የሚቆጥረው፣ በሥራ ነው። ስትሮጥ፣ ስትዘል፣ ስትመታ፣ ቁስልህ ሲሽር፣ ከጀርባ የድካም ነጥብ ይጠራቀማል። በሩጫ በየሜትሩ 0.1፣ እየሮጡ ሲዘሉ 0.2። 4 ሲሞላ አንድ ነጥብ ይቀነስብሃል፣ መጀመሪያ ከማይታየው ጥጋብህ፣ እሱ ሲያልቅ ከሚታየው ባር። ዝም ብለህ ቆመህ ብትውል አይርብህም። ስለዚህ ሌሊቱን ቢያዘልልህ የሚከፈል ዕዳ የለም። ብርዱም እንደዛው፣ በረዷማ አገር ብትቆም ምንም አይልህም፤ ዱቄት በረዶ ውስጥ ስትሰምጥ ብቻ ነው የሚጎዳህ።

ዶንት ስታርቭ ደግሞ ተቃራኒው ነው። እዛ ቀኑ 8 ደቂቃ ነው፣ ዊልሰን 150 ሆድ አለው፣ በቀን 75 ይቀነስበታል። ብትሠራም ባትሠራም። ቦርከና የመረጠው ይሄን መንገድ ነው፣ ስለዚህ እንቅልፍ የግድ መከፈል አለበት። ካልተከፈለ ተጫዋቹ ሁሉ ምሽት ይተኛል፣ ብርድም ረሃብም የሚባል ነገር ሳያይ ጌሙን ይጨርሳል።

---

ቦርከና17

አስተካክዬው ሞከርኩት፣ ሙቀቱ አሁን ሸጋ ሆኗል። 8 ላይ ተነሳ፣ ተኮራምቶ። በጋቢ 16። አሁን ግን ሌላ ጣጣ መጣ 😩

ረሃቡን 100 ነጥብ አድርጌ በሰዓት 4 ነው የምቀንሰው። ያለፈውን ጊዜ የማገኘው በዚህ ነው፦

```lua
local function ahun()
  return (core.get_day_count() + core.get_timeofday()) * 24
end
```

እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ቁጥሩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ብዬ ነው ቀኑን የደመርኩት። ዛሬ ጠዋቱን እንደገና ለማየት እኩለ ቀን ላይ ሆኜ `/time 6:00` ብዬ ጻፍኩ። ሰውየው 60 ነጥብ ነበረው፣ ባንዴ 0 ሆኖ ወደቀ። ወደ ኋላ መለስኩት እንጂ ወደ ፊት አላስኬድኩትም!

---

ጌምቤት_ፒያሳ

ጊዜን ወደ ኋላ መመለስ የሚያስርብ መሆኑን ዛሬ አወቅኩ።

---

ጦሳ_ማዶ

ሉዋንቲ ጊዜ ወደ ኋላ አይመለስም ብሎ ነው የሚያምነው። ሰዓቱን አሁን ካለበት ወደሚያንስ ቁጥር ስትለውጠው "እንግዲያው ቀን አለፈ" ብሎ የቀኑን ቁጥር በአንድ ይጨምራል። ለአልጋው ይሄ ልክ ነው፣ ከምሽት ወደ ንጋት ስትዘል በእርግጥ አዲስ ቀን ነው። አንተ ግን ከዛሬ እኩለ ቀን ወደ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ሄድክ። 18 ሰዓት። በ4 ሲባዛ 72። ሰውየው የነበረው 60 ነው።

`core.get_day_count()`ን ከትእዛዙ በፊትና በኋላ አትመው፣ በዓይንህ ታየዋለህ።

---

ሐረጎ_ጠመዝማዛ

ገደብ አድርግለት። ማንም ሰው ባንድ ጊዜ ከ12 ሰዓት በላይ አይተኛም። ከዛ የበለጠ ዝላይ ካየህ "ይሄ እንቅልፍ አይደለም፣ ትእዛዝ ነው" ብለህ ችላ በለው።

---

ጦሳ_ማዶ

ለሙከራ ይበቃል። ግን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሆነህ `/time 18:00` ብትል ዝላዩ 9 ሰዓት ነው፣ ከእንቅልፍ አይለይም፣ ሾልኮ ያልፋል። ከዚህ የሚሻለው አልጋ ላይ መተኛቱን ራሱን መከታተል ነው።

---

ቦርከና17

ለጊዜው ገደቡን አደርጋለሁ። አንድ የመጨረሻ ነገር። ጓደኞቼ ከኔ ላፕቶፕ ጋር ተገናኝተው አብረን እንጫወታለን። አንዱ ወጥቶ ይሄዳል፣ እኛ እንቀጥላለን፣ ጌሙ ውስጥ ሦስት ቀን ያልፋል። ሲመለስ ይራብ ወይስ አይራብ? በሪሉ ሰዓት አንድ ሰዓት ብቻ ነው የቀረው። በጌሙ ግን አንድ ቀን 20 ደቂቃ ነው።

---

ማይን_ቆፋሪ

አይራብ። መብራት ጠፍቶበት ቢሆንስ?

---

ጌምቤት_ፒያሳ

ይራብ እንጂ። እኔ ጋ ያሉት ልጆች ብርድ ሲመጣ ከጌሙ ይወጣሉ፣ ፀሐይ ስትወጣ ይመለሳሉ። ወጥቶ መግባት ከጋቢ ይሻላል ማለት ነው?

---

ሐረጎ_ጠመዝማዛ

ቤት ውስጥ ሆኖ ከወጣ አይራብ፣ ሜዳ ላይ ጥሎት ከወጣ ይራብ።

---

ጌምቤት_ፒያሳ

ቤት ምን ማለት እንደሆነ ለኮምፒውተሩ ማን ይነግረዋል? አንዱ ልጅ አናቱ ላይ አንዲት ሳንቃ አድርጎ ቤት ነው ይልሃል።